ቢጫዋ ካርድ ከወባ አታድንም

በሥራዬ አንድ ምርት ገበያ ላይ የሚውልበት ቀን ከተቆረጠ በኋላ ዝግጅቱን የምናቅደው ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠርን ነው። የቤተሰብ ጉዞንም የጤና ዝግጅቱን እንዲህ ብትቆጥሩት ከብዙ ጣጣ ትድናላችሁ።

አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት፣ እናት፣ የ5 ዓመት ልጅና የ67 ዓመት አያት ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ ይበራሉ፤ ታኅሣሥ 28 ይመለሳሉ።

መጀመሪያ የሚቆጠረው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኬንያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የሚመጣና ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነ መንገደኛ ሁሉ የክትባት ካርድ እንዲያሳይ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 12 ነው፤ እናንተ ግን ከወር በፊት፣ ኅዳር 22 ተከተቡ። አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜውን ሙሉ ያገለግለዋል።

ካርዱን ከመቀበላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰላል? ፊርማውና ማኅተሙ አለ? ቀኑስ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፏል? ኅዳር 22 ቀን 2018 በእነሱ ዲሴምበር 1 ቀን 2025 ነው። «22/03/2018» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሞምባሳ ያለው ሠራተኛ የሚያነበው ማርች 2018 ብሎ ነው፤ ያ የ5 ዓመት ልጅ ሳይወለድ ተከትቧል ማለት ነው።

አያትን በተመለከተ ሐኪም ሳታማክሩ አትወስኑ። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው ላይ ክትባቱ ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ቢሆንም ዕድሉ ከወጣቶቹ ከፍ ይላል። ሐኪሙ አይከተቡ ካለ፣ ምክንያቱን ካርዱ ላይ ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ ጠይቁ። ወረቀቱን ይቀበሉት እንደሆነም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን አነጋግሩ።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ወደሚሳሳትበት ነገር እንምጣ። «ቢጫ ወባ» እና «ወባ» በስም ይቀራረቡ እንጂ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያው በቫይረስ፣ ሁለተኛው በጥገኛ ተሕዋስ ይመጣል፤ የአንዱ ክትባት ለሌላው ምንም አይረዳም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከወባ ስለሚጠብቃት የእኛ ሰውነት በሽታውን አያውቀውም፤ የሞምባሳ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ወባማ ነው።

መከላከያ ኪኒን ሐኪም ያዝዝላችኋል። አንዱ ምርጫ አቶቫኮንና ፕሮጓኒል በአንድ ላይ ያለበት ኪኒን ነው። ከጉዞው ዋዜማ ይጀመራል፣ እዚያ እያላችሁ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም 7 ቀን ይቀጥላል። በእኛ ቤተሰብ ስሌት 1፣ 7 እና 7 ሲደመር ለአንድ አዋቂ 15 ኪኒን ነው። ገና እየተከበረ እንኳ ኪኒኑ አይቋረጥም፤ የሚያበቃው ጥር 5 ነው። ለልጁ መጠኑ የሚወሰነው በክብደቱ ነው። ሌላው አማራጭ ዶክሲሳይክሊን ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ቤት የተቀመጠ ኮአርተም ደግሞ ማከሚያ እንጂ መከላከያ አይደለም። ኪኒኑ ቢኖርም የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ አጎበርና ረጅም እጅጌ አይቅር።

ከተመለሳችሁ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ «ጉንፋን ነው» ወይም «ታይፎይድ ይሆናል» ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይደረግለት፤ ለሐኪሙም ሞምባሳ እንደነበራችሁ ንገሩት። እሱ ካልሰማ አዲስ አበባ ውስጥ ወባን ላያስብ ይችላል።

በመጨረሻ ወደ አያት የመድኃኒት ቦርሳ እንመለስ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን፣ ለጉልበት ሕመም ትራማዶል ይወስዳሉ። ኪኒኖቹን አንድ ብልቃጥ ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ሁሉም በየፋብሪካው ማሸጊያ ይሁን። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና መጠን የያዘ፣ የሐኪም ፊርማና ማኅተም ያለበት ማዘዣ አብሮ ይያዝ። ብዛቱ ለጉዞው ቀናትና ለጥቂት ቀን መጠባበቂያ ይበቃል። ቦታውም የእጅ ቦርሳ ነው፤ የጭነት ሻንጣ ቢጠፋ የደም ግፊት መድኃኒቱም አብሮ ይጠፋል።

ትራማዶል ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ለምሳሌ የሚቀጥለው ጉዟችሁ ዱባይ ቢሆን፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች መንግሥት አስቀድሞ ካልፈቀደ ይዞ መግባት በሕግ ያስጠይቃል። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ እያንዳንዱን መድኃኒት በስሙ እየጠራችሁ ጠይቁ። ጎረቤት «ይቺን መድኃኒት ለእህቴ አድርሱልኝ» ቢልስ? ማዘዣው በእናንተ ስም ካልሆነ፣ ይሉኝታ ሳይዛችሁ እንቢ በሉ።