ሻታፍን ከሽንት ቤቱ የውሃ መስመር ማገናኘት፦ ቲው እና መዝጊያው

ሻታፍ በሽንት ቤት መቀመጫ አጠገብ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ መያዣው ላይ ያለውን ምላስ በጣት ሲጫኑት ውሃ የሚረጭ በእጅ የሚያዝ መታጠቢያ ነው። የራሱ መስመር ግድግዳ ውስጥ ካልተቀበረለት፣ ለሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን ከሚሄደው መስመር ይጋራል። የሚያጋራው ቲ የሚባለው ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ነው፦ በአንዱ አፍ ውሃ ይገባል፣ በሁለተኛው ወደ ሳጥኑ ያልፋል፣ በሦስተኛው ወደ ሻታፉ ቱቦ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቲ በሦስተኛው አፍ ላይ የራሱ መዝጊያ ያለው ነው። ያለ መዝጊያ የሚሸጠው ርካሽ ነው፤ ግን ቀጥሎ በሚታየው ምክንያት ገንዘቡ የተቀነሰው ከማይቀነስበት ቦታ ነው።

የሻታፉ ምላስ ውሃን ለጊዜው እንዲያቆም እንጂ ቀንና ሌሊት ግፊት ተሸክሞ እንዲውል አልተሠራም። ቱቦውም እንዲሁ ነው። ላዩ የሚያብረቀርቅ ብረት ቢሆንም ውሃውን የሚይዘው ከውስጥ ያለው ቀጭን ጎማ ወይም ፕላስቲክ ነው። ቲው ላይ ያለው መዝጊያ ሲዘጋ ግፊቱ እዚያው ይቆማል፤ ቱቦውና ምላሱ ያርፋሉ። ክፍት ከተተወ ግን ቱቦው የሚፈነዳበት ሰዓት አይታወቅም። ፎቅ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ቢፈነዳ ውሃው የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ ያርሳል። ግፊቱ ከፍ የሚለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ የሰፈሩ ፍጆታ ሲቀንስ ነው።

ቲው የሚገባው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው። አንደኛው ከግድግዳ በሚወጣው አንግል ቫልቭ አፍ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከውሃ ሳጥኑ ሥር፣ የሳጥኑ መሙያ በሚወጣበት ነው። አንግል ቫልቩ ይሻላል። ጥርሱ ብረት ስለሆነ የቲውንና የቱቦውን ክብደት ይችላል። የሳጥኑ መሙያ እግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ሲጠብቅ አብሮ ይዞርና ሳጥኑ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ወይም እግሩ ይሰነጠቃል። በሁለቱም ቦታ ቲው ከአንግል ቫልቩ በኋላ መሆን አለበት። ከቫልቩ በፊት ከገባ ቲው ወይም መዝጊያው በተበላሸ ቁጥር የቤቱን ውሃ በሙሉ መዝጋት ግድ ይላል።

በኢትዮጵያና በባሕረ ሰላጤው አገሮች አንግል ቫልቩ፣ ቲውና የሻታፉ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኢንች ስለሆኑ ይገጥማሉ። ግማሽ ኢንች የሚለው ስም እንጂ የጥርሱ ልክ አይደለም፤ የወንዴው ጥርስ የውጭ ስፋት 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይለያል። እዚያ የሳጥኑ እግር 7/8 ኢንች፣ የግድግዳው ቫልቭ ደግሞ ባብዛኛው 3/8 ኢንች ስለሆነ፣ ከዱባይ የተላከ ቲ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። የሻታፉ ቱቦ ግን ሊያገለግል ይችላል፤ መቀየር ያለበት ቲው ነው።

አንድ የተለመደ መታጠቢያ ቤት ይታይ። አንግል ቫልቩ ከመቀመጫው በስተግራ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አፉ ወደ ላይ ያያል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ፍሌክሲብል ቱቦ ወደ ሳጥኑ ይወስደዋል። ሥራው የሚጀምረው አንግል ቫልቩን በመዝጋት ነው። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ይደርቃል፤ በእጅ እንቢ ካለ በፒንሳ ታግሎ አንገቱን ከመስበር ከቆጣሪው ወይም ከሮቶው መዝጋት ይሻላል። ቀጥሎ ሳጥኑ ይለቀቃል፤ ተመልሶ ካልሞላ ውሃው በእርግጥ ተዘግቷል ማለት ነው። ትንሽ ሳህን ከሥር ተደርጎ የፍሌክሲብሉ የታችኛው ዳዶ ይፈታል። የቀረው ውሃ ሳህኑ ላይ ይወርዳል።

ቲው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቴፍሎን ላይ ነው። የቲው ሴቴ ዳዶ ውስጥ ጠፍጣፋ ጎሚኒ አለ፤ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው የቫልቩ አፍ ላይ ሲጫን እንጂ ጥርሱ አይደለም። ጥርሱ ላይ የተጠቀለለ ቴፍሎን ዳዶው እስከ መጨረሻው እንዳይደርስ ያደርጋል፤ ጎሚኒው ሳይጫን ይቀርና ቴፍሎን እያለ ያንጠባጥባል። ቴፍሎንም ሆነ ቃጫ የሚያስፈልገው ጎሚኒ በሌለበት፣ ጥርስ ከጥርስ ጋር ብቻ በሚያያዝበት ነው፤ ለምሳሌ አንግል ቫልቩ ራሱ ከግድግዳው ቧንቧ ጋር ሲገጥም። ስለዚህ ጎሚኒው መኖሩና አለመታጠፉ ይታያል፣ የቫልቩ አፍ ይጸዳል፣ ዳዶው በእጅ ይጠብቃል፣ ከዚያ በእንግሊዝ ቁልፍ ሩብ ዙር ይጨመርለታል። ጎን ያለው አፍ መዝጊያው እጅ በሚደርስበት አቅጣጫ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ መዞር አለበት። መጨረሻ ሲጠብቅ ቲው በአንድ እጅ ካልተያዘ ከዳዶው ጋር ይዞራል።

ፍሌክሲብሉ አሁን የሚገጥመው ከቲው ራስ ላይ ነው። ቲው አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር ቱቦው ይተርፋል። ሰፋ ባለ ቅስት ከታጠፈ ችግር የለም፤ ከተሰበረ ግን ሳጥኑ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ስብራቱም ላይ ጎማው ቀድሞ ያረጃል፤ ያኔ 30 ሴንቲ ሜትር ቱቦ መግዛት ነው። የሻታፉ ቱቦ ከጎን አፍ ጋር በእጅ ይጠብቃል፤ ሌላኛው ጫፉ ከመያዣው ጋር ይያያዛል። የሁለቱም ጫፍ ጎሚኒ መኖሩን ማየት አይዘነጋም፤ ማሸጊያው ላስቲክ ውስጥ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ሙከራው በደረጃ ይሄዳል። የቲው መዝጊያ ተዘግቶ አንግል ቫልቩ ቀስ ተብሎ ይከፈታል፤ በድንገት ከተከፈተ ግፊቱ ቧንቧውን ይመታል፣ የተነቀለ ዝገትም ሳጥኑ መሙያ ውስጥ ይሸጎጣል። ሳጥኑ ከሞላ በኋላ በእያንዳንዱ ዳዶ ሥር ደረቅ ሶፍት ይዞራል፤ ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያል። ከዚያ የቲው መዝጊያ ተከፍቶ ሻታፉ ይሞከራል፣ መገጣጠሚያዎቹም እንደገና በሶፍት ይታያሉ። ማግስቱን አንድ ጊዜ መድገም ይበጃል፤ አዲስ ጎሚኒ ሲረጋ ትንሽ ይላላል። ውሃው ከጣሪያ ሮቶ ከሆነ አረጫጨቱ ደካማ ቢሆን የገጠመው ሰው ጥፋት አይደለም። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል፤ ከሻታፉ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው የዚያን አምስተኛ ነው።

አጠቃቀሙ አጭር ነው፦ መዝጊያው ይከፈታል፣ ይታጠባሉ፣ መዝጊያው ይዘጋል፤ ከዚያ ምላሱ መቀመጫው ውስጥ አንዴ ይጫናል። ይህ የመጨረሻው ቱቦው ውስጥ የታሰረውን ግፊት ያወጣል።

መዝጊያው ከመፍሰስ ሌላ የሚከላከለው ነገርም አለ። ከተማ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ መስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ሲወርድም ከኋላው ይስባል። በዚያን ሰዓት የሻታፉ ራስ መቀመጫው ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ምላሱ ተቆልፎ ወይም ዝሎ፣ መዝጊያውም ክፍት ከሆነ የቆሸሸው ውሃ ወደ ቤቱ ቧንቧ ሊሳብ ይችላል። ብሪታኒያ በ1999 በወጣው የውሃ ዕቃዎች ደንቧ ይህን ዓይነቱን ውሃ ከአምስቱ የአደጋ ደረጃዎች በከፍተኛው፣ በአምስተኛው ትመድበዋለች፤ ለዚህ ደረጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ተራ ቫልቭ በቂ ሆኖ አይቆጠርም። ቲ ብቻ ባለበት ቤት አደጋውን የሚቀንሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መስቀያው ከመቀመጫው ከንፈር በላይ ተመትቶ ሻታፉ ሁልጊዜ እዚያ መመለሱ፣ እና ከተጠቀሙ በኋላ መዝጊያው መዘጋቱ። መያዣው ማንጠባጠብ ከጀመረ ወይም ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ካበጠ፣ መዝጊያው ተዘግቶ ዕቃው ይለወጣል፤ ሳጥኑ ግን በዚያው ሰዓት መሥራቱን ይቀጥላል።