ከሆስፒታል የሚላክ የሐዘን ደብዳቤ

ሕመምተኛ ሆስፒታል ውስጥ ሲያርፍ ቤተሰቡ አስከሬኑን ይዞ ይወጣል። ሲያስታምሙት የከረሙት ሐኪሞችና ነርሶች ግን ለቅሶ አይደርሱም፤ አልጋው ላይ ሌላ ሕመምተኛ ይተኛል። በአንዳንድ አገሮች የዋርዱ ባልደረቦች በዚህ ምክንያት ለቤተሰቡ የሐዘን ደብዳቤ ይጽፋሉ።

ፈረንሳይ ውስጥ በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተካሄደና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደብዳቤው ሐዘንን ያቀል እንደሆነ ፈትኗል። 242 የሟች ቤተሰቦች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ሞቱ በደረሰ በ15ኛው ቀን በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤው ሟቹን በስሙ ይጠራል፣ ስለ እሱና ስላስታመመው ዘመድ መልካም ነገር ያነሳል፣ ያጽናናል፣ እርዳታ ካስፈለገም ከጎናችሁ ነን ይላል።

ደብዳቤው ግን ሐዘኑን አላቀለለውም። እንዲያውም ከስድስት ወር በኋላ፣ ከከባድ ድንጋጤ ተከትሎ የሚመጣው የጭንቀት ምልክት ደብዳቤ ከደረሳቸው 52 በመቶው፣ ካልደረሳቸው ደግሞ 37 በመቶው ላይ ታየ። የድብርት ምልክትም ደብዳቤው በደረሳቸው ላይ በዝቶ ተገኘ።

ተቀባዮቹ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ደብዳቤው እንደደገፋቸው ተናግረዋል። ከልብ መጻፉን የተጠራጠሩም ነበሩ። እኔ የሚመስለኝ፣ በአገራችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው፤ ይህን ደብዳቤ ግን ሰው ብቻውን ከፍቶ ያነበዋል። ስለዚህ የሚጽፈው ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሊጠነቀቅለት ይገባል።

ለምሳሌ «ቡድናችን የሚቻለውን ሁሉ አድርጓል» የሚለው የተለመደ ነው። ሐዘንተኛ ሲያነበው ግን ራስን መከላከል ይመስለዋል፤ ያልተቻለው ምን ነበር ብሎም ይብሰለሰላል። ይልቅ እንዲህ ቢጻፍ እመርጣለሁ፦ «አባታችሁ ጠዋት ጠዋት መጋረጃው እንዲገለጥላቸው ይጠይቁን ነበር። ልጃቸው ከሥራ መልስ እየመጣች እግራቸውን ስታሽላቸው እናይ ነበር። በመጨረሻዋ ሌሊት ነርሷ አጠገባቸው ነበረች።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በተለይ ባሕር ማዶ ሆኖ አባቱን ላልቀበረ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ «ብቻውን ነው ያረፈው?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳዋልና። ሆኖም እውነት ካልሆነ አይጻፍ። ነርሷ በሰዓቱ ሌላ ሕመምተኛ ዘንድ ከነበረች፣ ቤተሰቡ አንድ ቀን ይሰማል።

ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ስሙና አድራሻው ከካርዱ ጋር ይመሳከራል፤ ስሙ ከተሳሳተ ሌላው ቃል ሁሉ ዋጋ ያጣል። መጨረሻ ላይ «ስለ ሕክምናው መጠየቅ ብትፈልጉ» ተብሎ ስልክ ሲሰጥ፣ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሕመምተኛውን የሚያውቅ ወይም ካርዱን አውጥቶ ማንበብ የሚችል መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ካልተመደበ ያ መስመር ቢቀር ይሻላል።