ለመምህር የሚጻፍ የቀጠሮ ኢሜይል

ብዙ ሴክሽን የሚያስተምሩ መምህር ኢሜይላቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ርዕሱን ነው። «ሰላም» ወይም «እርዳታ» የሚል ርዕስ ማን፣ ስለ የትኛው ኮርስ እንደጻፈ አይነግራቸውም። አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ እንዲህ ቢጽፍ ግን ጉዳዩ ገና ሳይከፈት ይታወቃል፦

ርዕስ፦ የቀጠሮ ጥያቄ፦ ስታቲስቲክስ፣ ሴክሽን 2፣ ሚድ ፈተና ጥያቄ 4

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣
በጥያቄ 4 ናሙናው 12 ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ የዜድ ሠንጠረዥን ተጠቀምኩ። ትክክለኛው የቲ ሠንጠረዥ መሆኑን ከእርማቱ አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ግን አልገባኝም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በማማከሪያ ሰዓትዎ፣ 9 ሰዓት ላይ፣ 15 ደቂቃ ቢፈቅዱልኝ? ካልተመቸዎት ሐሙስ ጠዋት መምጣት እችላለሁ። የመልስ ወረቀቴን ፎቶ አያይዣለሁ።
ከአክብሮት ጋር፣
(ስም ከነአባት፣ መታወቂያ ቁጥር)

የዚህ ደብዳቤ ጉልበት ያለው «ምክንያቱ ግን አልገባኝም» በሚለው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪው የሞከረውንና የቆመበትን ስላሳየ መምህሩ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል፤ ማርክ ሊከራከር እንዳልመጣም ይገባቸዋል። «ምዕራፍ 5 አልገባኝም» ቢል ግን 15 ደቂቃው ችግሩን በመፈለግ ያልቃል።

ሰዓቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መምህሩ የውጭ አገር ሰው ከሆኑ 9 ሰዓትን ጠዋት ብለው ይረዱታል፤ ለእሳቸው 3:00 PM ብሎ መጻፍ ይሻላል።