ከርዕስ ወደ ርዕስ፦ ድረ ገጽን በጆሮ የመቃኛ ቁልፎች

ስክሪን ሪደር በኮምፒዩተር ማያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ወይም በብሬል ማሳያ ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ዓይነ ስውራን ድረ ገጽን የሚጠቀሙት በዚህ ፕሮግራም አማካይነት ነው። የሚያይ ሰው አንድ ገጽ ሲከፍት ዓይኑ የላይኛውን ማውጫ አልፎ ወደሚፈልገው ርዕስ ይሄዳል። ድምፅ ግን ቃላትን የሚያሰማው በተራ በተራ ስለሆነ፣ ገጹን ከላይ ጀምሮ የሚያዳምጥ ሰው ዋናው ጽሑፍ ጋ ለመድረስ በርካታ ሊንኮችን መስማት ይኖርበታል። የመዝለያ ቁልፎች የተሠሩት ይህን ለማስቀረት ነው።

በዊንዶውስ ላይ በነፃ የሚሰጠው NVDA ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ፕሮግራሙን በ2006 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ነው። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት NVDA የገጹን ይዘት እንደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ዘርግቶ ያቀርበዋል። በዚህ የማሰሻ ሁኔታ ላይ የቀስት ቁልፎች በጽሑፉ ውስጥ መስመር በመስመር ያንቀሳቅሳሉ፤ የፊደል ቁልፎች ደግሞ መጻፊያነታቸው ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናሉ።

ከትእዛዞቹ ሁሉ ብዙ አገልግሎት የሚሰጠው H ነው። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ጠቋሚው ወደሚቀጥለው ርዕስ ይሄዳል፤ NVDA የርዕሱን ጽሑፍና ደረጃውን ይናገራል። Shift ተይዞ H ሲነካ ጉዞው ወደ ኋላ ነው፤ ይህ የ Shift አሠራር በሌሎቹ የመዝለያ ፊደላትም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ርዕሶች ከ1 እስከ 6 ደረጃ አላቸው። የገጹ ዋና ርዕስ ብዙውን ጊዜ ደረጃ 1 ሲሆን፣ በሥሩ ያሉት ክፍሎች ደረጃ 2፣ የእነሱ ንዑሳን ክፍሎች ደግሞ ደረጃ 3 ይሆናሉ። የቁጥር ቁልፎች በቀጥታ ወደ ተፈለገው ደረጃ ይወስዳሉ። ዜና ለማንበብ የገባ ሰው 1 ቁጥርን ከተጫነ ማውጫውን በሙሉ ዘሎ የዜናው ርዕስ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በታች ቀስት ንባቡን ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ NVDA ርዕስን የሚለየው በመልኩ አይደለም። አንድ መስመር በትልቅና በደማቅ ፊደል ስለተጻፈ ብቻ ርዕስ አይሆንለትም፤ ገጹ በተሠራበት ኮድ ውስጥ ርዕስ ተብሎ መሰየም አለበት። የሚከተሉት ሁለት መስመሮች ለዓይን ተመሳሳይ ተደርገው ሊታዩ ይችላሉ፤ የ H ቁልፍ የሚያገኘው ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው።

```html
<p><b>የዕለቱ የምንዛሪ ዋጋ</b></p>
<h2>የዕለቱ የምንዛሪ ዋጋ</h2>
```

ስለዚህ H ተጭኖ ቀጣይ ርዕስ የለም የሚል መልስ ሲመጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ጠቋሚው የመጨረሻውን ርዕስ አልፏል፣ አለዚያም ገጹ ርዕስ አልተሰየመለትም። Shift እና H አብሮ መጫን ሁለቱን ይለያቸዋል። ወደ ኋላም ርዕስ ካልተገኘ፣ ጉድለቱ ያለው ገጹ ላይ ነው።

ወደ ሊንኮች የሚወስደው ቁልፍ K ነው። U ገና ወዳልተከፈቱ፣ V ደግሞ ቀደም ሲል ወደተከፈቱ ሊንኮች ይዘላል። የ Tab ቁልፍም ሊንኮችን ያስሳል፤ ነገር ግን አዝራሮችና የመጻፊያ ሳጥኖች ላይም ስለሚቆም ሊንክ ብቻ ለሚፈልግ ሰው K ይቀላል። ሊንኮች ተደራርበው ዋናውን ጽሑፍ ሲጋርዱ N ይረዳል፤ የሊንኮቹን ክምር አልፎ ከበስተኋላው ያለው ጽሑፍ ላይ ያደርሳል። NVDA+F7 ደግሞ በገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ወይም ርዕሶች በአንድ ዝርዝር ያወጣል። NVDA የተባለው ቁልፍ በተለምዶ Insert ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ሊንኮች ከአካባቢያቸው ተነጥለው ስለሚነበቡ ሥያሜያቸው ብቻውን መናገር መቻል አለበት። አሥር ዜናዎች ሥር «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚል ሊንክ ከተቀመጠ፣ ዝርዝሩ ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ ይደግማል፤ የትኛው የየትኛው ዜና እንደሆነ የሚያስታውቅ ነገር የለም።

በሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቁልፍ ያስፈልጋል። T ወደሚቀጥለው ሰንጠረዥ ያደርሳል፤ Ctrl እና Alt ተይዘው የቀስት ቁልፎች ሲነኩ ግን ጉዞው በሰንጠረዡ ውስጥ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሆናል። የአንድ ባንክ የምንዛሪ ገጽ ሦስት አምዶች አሉት እንበል፦ ገንዘብ፣ መግዣ እና መሸጫ። ዶላሩ ሁለተኛው፣ ፓውንዱ ሦስተኛው፣ ዩሮው አራተኛው ረድፍ ላይ ነው። ተጠቃሚው T ሲጫን NVDA ስንት ረድፍና ስንት አምድ እንዳለ ይናገርና የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ያርፋል። Ctrl+Alt እና ታች ቀስት ሁለት ጊዜ ሲጫኑ ፓውንድ ይሰማል። ከዚያ ቀኝ ቀስት አንድ ጊዜ ሲነካ «መግዣ» የሚለው የአምዱ ርዕስ ከነዋጋው ይነበባል፤ አንድ ጊዜ ሲደገም «መሸጫ» እና ዋጋው ይከተላሉ። እዚያው አምድ ላይ ሆኖ ታች ቀስት ሲጫን «ዩሮ» ተብሎ የዩሮ መሸጫ ይሰማል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ አላስፈለገም።

ይህ የሚሆነው የረድፍና የአምድ ርዕሶች በኮዱ ውስጥ ከተሰየሙ ነው።

```html
<tr><th scope="col">ገንዘብ</th>
    <th scope="col">መግዣ</th>
    <th scope="col">መሸጫ</th></tr>
<tr><th scope="row">የአሜሪካ ዶላር</th>
    <td>…</td><td>…</td></tr>
```

ሁሉም ሳጥን `td` ተብሎ ከተጻፈ አንባቢው «ረድፍ 4፣ አምድ 3» እና ባዶ ቁጥር ብቻ ሊሰማ ይችላል። ዋጋው በፎቶ መልክ ከተለጠፈ ደግሞ ቁልፎቹ የሚይዙት ነገር አይኖርም፤ T ሰንጠረዥ የለም ይላል። የገጹን ቅርጽ ለማሳመር ብቻ የተሠሩ ሰንጠረዦችን NVDA ራሱ በተለምዶ ያልፋቸዋል።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያደናግረው ሌላ ጉዳይ ነው፦ H ሲጫኑ ከመዝለል ይልቅ የ h ፊደል ይጻፋል። ይህ የሚከሰተው ጠቋሚው ለምሳሌ የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ገብቶ NVDA ወደ መጻፊያ ሁኔታ ሲቀየር ነው። ለውጡ በአጭር ድምፅ ይታወቃል። Esc መጫን ወደ ማሰሻው ሁኔታ ይመልሳል፤ NVDA+Space ደግሞ ሁለቱን ሁኔታዎች በተጠቃሚው ፈቃድ ያቀያይራል።

ሌሎች ስክሪን ሪደሮች ተመሳሳይ አሠራር ቢከተሉም ቁልፎቻቸው በሙሉ አንድ አይደሉም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ናሬተር Caps Lock እና Space ተጭነው የማሰሻ ሁኔታው ሲበራ H፣ K እና T ን ለርዕስ፣ ለሊንክ እና ለሰንጠረዥ ይጠቀማል። በጆውስ H እና T ያው ናቸው፤ K ግን ለሊንክ አያገለግልም፣ የሊንኮች ዝርዝር በ Insert+F7፣ የርዕሶቹ ደግሞ በ Insert+F6 ይወጣል። በማክ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ቮይስ ኦቨር Control፣ Option እና Command ተይዘው H ለርዕስ፣ L ለሊንክ፣ T ለሰንጠረዥ ይሠራሉ። በሁሉም ዘንድ ቁልፉ የሚያርፈው በገጹ ኮድ ላይ በተሰየመ ርዕስ፣ ሊንክ ወይም ሰንጠረዥ ላይ ስለሆነ፣ ባልተሰየመ ገጽ ላይ ፕሮግራሙን መቀየር ብዙ አይጠቅምም።