ዩቲዩብን የዋጠው የተሳሳተ መንገድ

የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. እሑድ ማታ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 3፡47 ላይ፣ ዩቲዩብ በዓለም ላይ ላሉ እጅግ ብዙ ተጠቃሚዎች አልከፍት አለ። የድርጅቱ ኮምፒውተሮች እየሠሩ ነበር፣ መብራትም አልጠፋባቸውም፣ ማንም ሰብሮ አልገባባቸውም። ከአውሮፓም ሆነ ከእስያ ወደ እነሱ የተላከው ጥያቄ ግን መንገድ ስቶ ፓኪስታን ይገባና እዚያው ይቀር ነበር። ጉዳዩ ተስተካክሎ ያበቃው ከሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአገር ውስጥ ትእዛዝ ነው። የፓኪስታን መንግሥት እስልምናን ያንቋሽሻል ባለው ቪዲዮ ምክንያት ዩቲዩብ በአገሪቱ እንዲዘጋ አዘዘ፤ ትእዛዙን ከተቀበሉት አንዱ ፓኪስታን ቴሌኮም ነበር። የድርጅቱ ባለሙያዎች ለመዝጋት የመረጡት ዘዴ በሙያው የተለመደ ነው። ለራሳቸው ራውተሮች «ወደ ዩቲዩብ አድራሻዎች የሚሄደውን ሁሉ ወደዚህ አምጡና ጣሉት» የሚል መንገድ ሰጧቸው። ይህ መንገድ ከአገር ውስጥ መውጣት አልነበረበትም፤ ግን ወጣ። እንዴት ዓለምን ሊያሳስት እንደቻለ ለመረዳት፣ ኢንተርኔት አንድ አድራሻ የት እንዳለ በምን እንደሚያውቅ ማየት ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ባለቤታቸው የተለያየ፣ ዛሬ ቁጥራቸው ከ70 ሺህ የሚበልጥ ኔትወርኮች ተያይዘው የሠሩት ነገር ነው። የቴሌ ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባንኮች፣ እንደ ጎግል ያሉ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። በዚያ ማታ የዩቲዩብ ቁጥር 36561፣ የፓኪስታን ቴሌኮም ደግሞ 17557 ነበር። የሁሉንም አድራሻ መዝግቦ የያዘ፣ «ይህ እዚህ ነው» እያለ ራውተሮችን የሚመራ ማዕከል የለም። እያንዳንዱ ኔትወርክ በእጁ ያለውን የአድራሻ ክልል ለጎረቤቶቹ ያስታውቃል፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ የራሳቸውን ቁጥር ከፊት ጨምረው ለሌሎች ያስተላልፋሉ። ይህ ማስታወቂያ የሚተላለፍበት ደንብ ቢጂፒ ይባላል። ማስታወቂያው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተሻገረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል፤ ሲደርስም ያለፈባቸውን ቁጥሮች ዝርዝር ይዞ ነው። የዝርዝሩ የመጨረሻ ቁጥር «አድራሻው የእኔ ነው» ያለው ኔትወርክ ነው።

ቢጂፒ ሲነደፍ ይህን የመጨረሻ ቁጥር የሚያጣራበት ነገር አልተሰጠውም። አንድ ራውተር ማስታወቂያ ሲደርሰው «ይህ ኔትወርክ በእርግጥ የዚህ አድራሻ ባለቤት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ በደንቡ ውስጥ የለም። ጎረቤቱን አምኖ ይቀበላል።

ሁለት ማስታወቂያ ሲጋጭበት ግን ራውተሩ መምረጥ አለበት፤ የዚያ ማታ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው ያለው። ዩቲዩብ ያስታውቅ የነበረው 208.65.152.0/22 የሚባለውን ክልል ነው። ከጭረቱ በኋላ ያለው ቁጥር የክልሉን ስፋት ይናገራል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክልሉ ይጠባል። /22 ማለት 1,024 አድራሻ ሲሆን /24 ግን 256 ብቻ ነው። ፓኪስታን ቴሌኮም ያስታወቀው 208.65.153.0/24 ነበር፤ ይኸውም ከዩቲዩብ ክልል ውስጥ አንድ አራተኛውን፣ የዩቲዩብ ድረ ገጽ የሚገኝበትን ክፍል ነው። በዚያ ሰዓት ብዙ ራውተሮች በሰንጠረዣቸው የያዙት፣ ከመንገዱ መጨረሻ በኩል ሲታይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነበር፦

```
208.65.152.0/22   ... 36561
208.65.153.0/24   ... 3491 17557
```

ራውተር እሽግ ሲያስተላልፍ ጠባቡን ክልል ይመርጣል። መስቀለኛ መንገድ ላይ አንዱ ምልክት «አዲስ አበባ በዚህ»፣ ሌላው «ሳሪስ በዚህ» ቢል፣ ሳሪስ የሚሄድ ሾፌር ሁለተኛውን እንደሚከተለው ማለት ነው። ይህ ሕግ ፍርድ የለውም፤ ማን ቀድሞ አስታወቀ፣ ማን ባለቤት ነው፣ ማን ይቀርባል ብሎ አይመዝንም። የዩቲዩብ /22 ትክክለኛ ሆኖ በሰንጠረዡ ላይ እንደተቀመጠ፣ ወደ እነዚያ 256 አድራሻዎች የሚሄደው ሁሉ ወደ ፓኪስታን ነጎደ።

በመሀል ላይ ያለው 3491 የሆንግ ኮንጉ ፒሲሲደብሊው ቁጥር ነው። ፓኪስታን ቴሌኮምን ከቀረው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ይህ ኩባንያ ነበር። በእኔ እምነት የዚያ ማታ ትልቁ ስህተት የተፈጸመው እዚህ ነው። ፓኪስታን ቴሌኮም የአገር ውስጥ መንገዱን ወደ ውጭ ማሾለኩ ስህተት ነው፤ እንዲህ ያለ የእጅ ስህተት ግን በየትኛውም ኔትወርክ ይደርሳል። አገናኙ ኩባንያ ደንበኛው የትኞቹን አድራሻዎች ሊያስታውቅ እንደሚችል ዝርዝር ይዞ ከዚያ ውጭ ያለውን ቢያግድ ኖሮ፣ ነገሩ በፓኪስታን ድንበር ውስጥ ይቀር ነበር። እንዲህ ያለው ማጣሪያ በ2000 ዓ.ም.ም የታወቀ ነበር።

ዩቲዩብ ምላሽ የሰጠው ከ80 ደቂቃ በኋላ፣ ከሌሊቱ 5፡07 ላይ ነው። እሱም ያንኑ 208.65.153.0/24 አስታወቀ። አሁን ሁለቱ ማስታወቂያዎች በስፋት እኩል ስለሆኑ ራውተሮቹ ወደ ሌላ መስፈርት ዞሩ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የንግድ ውል ነው፤ ከፋይ ደንበኛ ያመጣው መንገድ ይቀድማል። ቀጥሎ የቁጥሮቹ ዝርዝር ያጠረው ይመረጣል። ስለዚህ ለዩቲዩብ የቀረበው የኢንተርኔት ክፍል ተመለሰ፤ ለፒሲሲደብሊው የቀረበው ግን አልተመለሰም። ከ11 ደቂቃ በኋላ ዩቲዩብ ክልሉን ለሁለት ከፍሎ ባለ /25 ማስታወቂያዎችን ለቀቀ። ጠባቡ ያሸንፋል በሚለው ሕግ ይህ ነገሩን መጨረስ ነበረበት። አልጨረሰውም፤ ምክንያቱም ብዙ ኔትወርኮች ሰንጠረዣቸው እንዳይጥለቀለቅ ከ/24 የጠበበ ማስታወቂያ አይቀበሉም። ከ/24 በታች መውረጃ እንደሌለ የሚያውቅ ጠላፊ /24 ካስታወቀ፣ ባለቤቱ በዚህ ዘዴ ሊበልጠው አይችልም፤ ቢበዛ ሊካፈለው ነው የሚችለው።

5፡51 ላይ በማስታወቂያው ዝርዝር ውስጥ 17557 ሁለት ጊዜ ተጽፎ ታየ፤ መንገዱ ረዘመና ጥቂት ተጨማሪ ራውተሮች ወደ ዩቲዩብ ዞሩ። 6፡01 ላይ ፒሲሲደብሊው ከፓኪስታን ቴሌኮም የመጡትን ማስታወቂያዎች በሙሉ አነሳ፤ ዩቲዩብም ተመለሰ። ይህን ሁሉ በደቂቃ ልናውቅ የቻልነው፣ የአውሮፓ የአድራሻ መዝገብ የሆነው ራይፕ በልዩ ልዩ ቦታዎች ባስቀመጣቸው መሣሪያዎች የቢጂፒ ማስታወቂያዎችን ያለማቋረጥ ስለሚመዘግብ ነው። ጠለፋን ለማወቅ ዛሬም ዋናው ዘዴ ይኸው ነው፦ የራስን ክልል እየተከታተሉ፣ በመጨረሻው ቦታ ላይ የማያውቁት ቁጥር ወይም ያላስታወቁት ጠባብ ክልል ሲታይ መደወል።

ዩቲዩብ ላይ የደረሰው ለሁሉም ታየ፤ ገጹ አልከፈተም፣ ሰው ጮኸ። ሌባ ግን የተጠለፈውን አይጥልም፣ ይመልስለታል እንጂ። ሚያዝያ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሃዮ ከሚገኝ አንድ ኔትወርክ አምስት የአማዞን /24 ክልሎች ተጠልፈው ለሁለት ሰዓት ያህል ተሠራጩ። በእነዚያ አድራሻዎች ላይ የነበረው የአማዞን የስም አገልግሎት፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ክፍል ነው። ጠላፊዎቹ በቦታው ሐሰተኛ መልስ ሰጪ አስቀመጡ፤ ማይኢተርዋሌት የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ድረ ገጽ የጠየቀ ሰው ወደ ተመሳሰለ ገጽ ተመራ። የሰዎቹ ብራውዘር «የዚህ ገጽ ምስክር ወረቀት አይታመንም» ብሎ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያውን አልፈው የገቡት ገንዘባቸውን አጡ፤ የተወሰደው 150 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ባለቤቶቹ አድራሻውን በትክክል ጽፈዋል፤ የሄዱበት መንገድ ነው የከዳቸው። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ «ግድ የለም፣ ቀጥል» የሚለውን መጫን የማይገባው ለዚህ ነው።

ዛሬ ለዚህ ያለው ዋና መከላከያ አርፒኬአይ ይባላል። የአድራሻ ክልል የተሰጠው ድርጅት በክልሉ መዝገብ በኩል የተፈረመ ሰነድ ያወጣል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአፍሪካ መዝገቡ በሞሪሸስ የሚገኘው አፍሪኒክ ነው። ሰነዱ የሚናገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ክልሉ የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው የኔትወርክ ቁጥር ሊያስታውቀው እንደሚችል፣ እስከ ምን ድረስ ጠብቦ ሊታወቅ እንደሚችል። ዩቲዩብ በዚያ ማታ «208.65.152.0/22፣ በ36561፣ ከ/22 ሳይጠብ» የሚል ሰነድ ቢኖረው፣ ሰነዱን የሚያጣራ ራውተር የ17557ን ማስታወቂያ ሐሰተኛ ብሎ ይጥለው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ከቀድሞው ዓይነት አድራሻ ማስታወቂያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ባለ ሰነድ ተሸፍነው ነበር። ሰነዱ ብቻውን ግን ምንም አይከለክልም፤ የሚከለክለው ሰነዱን አይቶ ሐሰተኛውን የሚጥለው ራውተር ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመሀል የሚያገናኙት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ማድረጋቸው ወሳኝ ነው።

ሰነዱ የሚመሰክረው ስለ ዝርዝሩ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው፤ በመሀል ስላሉት ምንም አይልም። ስለዚህ ብልህ ጠላፊ የባለቤቱን ቁጥር መጨረሻ ላይ አስቀምጦ የራሱን ከፊቱ ይጽፋል፤ ራውተሩም ማስታወቂያውን ትክክለኛ ብሎ ይቀበለዋል። ባለቤቱ በሰነዱ ላይ «እስከ /24 ድረስ» ብሎ በልግስና ፈቅዶ ራሱ ግን /22 ብቻ የሚያስታውቅ ከሆነ፣ ለዚህ ጠላፊ በሩን ከፍቶለታል፤ ጠላፊው /24 ያስታውቅና ጠባቡ ያሸንፋል። ባለሙያዎች በሰነዱ ላይ በእውነት የምታስታውቁትን ብቻ ጻፉ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህም ዋጋ አለው፦ በጠለፋ ጊዜ ዩቲዩብ እንዳደረገው ፈጥኖ ጠባብ ክልል ማስታወቅ የፈለገ ባለቤት በቅድሚያ አዲስ ሰነድ ማውጣት፣ ሰነዱም በየአገሩ ላሉት ራውተሮች እስኪደርስ መጠበቅ ይኖርበታል።