ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው ልጅ

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ8 ዓመት ልጄ ምግብ እምቢ ካለኝ አምስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ጠዋት ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደቀመሰ እምብርቱ አካባቢ ይቆርጠዋል። ከትምህርት ቤት ከቀረ ግን አራት ሰዓት ሳይሆን ይጫወታል። ማታ ደህና ይተኛል። የትል መድኃኒት ሰጥቼው አልተሻለውም። አንዳንዴ የውስጥ ሱሪው ላይ ቀጭን ሰገራ ስለማይ ተቅማጥም ሳይኖረው አይቀርም።»

ደብዳቤው ለማሳያ የተዘጋጀ ነው፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት ይዘው ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡ እናቶች ግን ብዙ ናቸው። ይህን ያነበበ ሰው ቶሎ የሚለው «ትምህርት ቤት ጠልቶ ነው» ነው። ፍርሃትና ጭንቀት በእርግጥ ሆድ ያሳምማሉ፤ ሕመሙም የውሸት አይደለም። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ግን ቁልፉ ያለው እናትየዋ መጨረሻ ላይ በጻፈችው ነገር ላይ ነው።

ሐኪሙ መልሶ የሚጠይቃት ልጁ በስንት ቀኑ ሰገራ እንደሚወጣ ነው። እናት ብዙ ጊዜ አታውቅም፤ የ8 ዓመት ልጅ መጸዳጃ ቤት ብቻውን ነው የሚሄደው። ልጁን ቀስ ብሎ ሲጠይቀው የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ በር የለውም፣ ስለዚህ ይይዘዋል። ሰገራ በተያዘ ቁጥር አንጀት ውሃውን ይመጠዋል፤ ይደርቃል፣ ሲወጣ ያማል፣ ልጁም ከሕመሙ ሸሽቶ ይበልጥ ይይዘዋል። የተለጠጠው የአንጀት ጫፍ መሙላቱን መናገር ያቆማል። ከላይ ያለው ቀጭኑ ሰገራ በደረቁ ጎን ሾልኮ ሱሪውን ያቆሽሻል። እናቲቱ ተቅማጥ ያለችው ይህንን ነው፤ የተቅማጥ ማቆሚያ ብትሰጠው ይብስበት ነበር።

ጠዋት የሚያመውም ለዚሁ ነው። ምግብ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይንቀሳቀሳል፤ መንገዱ ሲዘጋበት ቁርጠት ይሆናል። ሆዱ የሞላ ልጅ ደግሞ አይርበውም። ሐኪሙ ሆዱን ሲዳስስ በስተግራ ታችኛው ክፍል የጠጠረ ነገር ሊያገኝ ይችላል።

ሕክምናው የተጠራቀመውን አለስልሶ በማስወጣት ይጀምራል። ከዚያ እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ ሐኪሙ በወሰነው መጠን ለወራት ይቀጥላል። ከምግብ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጸዳጃ ላይ ይቀመጣል፤ መቀመጫው ከፍ ያለ ከሆነ እግሩ እንዳይንጠለጠል በርጩማ ይደረግለታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ልጁ በሳምንቱ ሲሻለው መድኃኒቱን ማቆማቸው ነው፤ የተለጠጠው አንጀት ገና ቦታው አልተመለሰምና ድርቀቱ ያገረሻል።

ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ክብደት የቀነሰ፣ ሰገራው ደም ያለበት ወይም ትኩሳት ያለው ልጅ ግን በድርቀት ብቻ ተገምቶ አይታለፍም። ውሃ እየደጋገመ የሚጠጣና ሽንት የሚያበዛ ከሆነ በዚያው ቀን የደም ስኳሩ ይለካ። አረንጓዴ ትውከት ከመጣ ወይም ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው የሆድ ክፍል ከዞረ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ ወዲያው ሆስፒታል መውሰድ ነው።