ከሙሉ የሕይወት ታሪክ አንዲቷን ቀን መምረጥ

በመሥሪያ ቤት የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ተሸላሚ የሚተዋወቅበት የተለመደ መንገድ አለ። መድረክ መሪው ወረቀቱን ይዘረጋና «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን፣ ዲግሪውን፣ የተቀጠሩበትን ዓመተ ምሕረትና የወሰዷቸውን ስልጠናዎች ያከታትላል። ተሸላሚዋ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ይጠብቃሉ። ጭብጨባው አይቀርም፤ ሴትዮዋ ምን ሠርተው እንደተሸለሙ ግን ከአዳራሹ ሲወጣ ለሌላ ሰው ሊያወራ የሚችል እንግዳ አይገኝም።

ይህ አቀራረብ በቀብር ላይ ከሚነበበው የሕይወት ታሪክ ጋር አንድ ነው። እዚያ ቦታው ነው፤ የሚሸኘው ሙሉ ሕይወት ስለሆነ ከልደት እስከ ሞት መነገር አለበት። ሽልማት ግን የሚሰጠው ለተለየ ሥራ ነው። አስተዋዋቂው ባለው ሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሥራውን በዓይን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ቢነግር፣ ከሃያ የሥራ መደቦች ዝርዝር ይበልጣል። አስቸጋሪው ነገር የትኛው ታሪክ እንደሆነ መለየቱ ነው።

የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ሥራ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት የሰብል ዘር ጥበቃ ባለሙያው ዶክተር መላኩ ወረደም ከተሸላሚዎቹ አንዱ ነበሩ። አክሊሉን የሚያስተዋውቅ ሰው ብዙ የሚናገረው አለው፦ ትምህርታቸው፣ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም፣ ያሳተሟቸው ጥናቶች። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ክብር ነው። ሰውየው ምን እንዳበረከቱ የሚያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ወንዝ ዳር ያዩት ነገር ነው።

ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ተውሳክ ከፊል ዕድሜውን የሚያሳልፈው በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው ሲወጣ፣ ሊታጠብ ወይም ሊሻገር ውሃ ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። አክሊሉ ወደ ዓድዋ የሄዱት እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር፤ የሚያጥቡትም እንደ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በእንዶድ ነበር። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ፤ ሌላው ቦታ ያሉት ግን ደኅና ናቸው። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ። ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመጣው የላብራቶሪ ሥራና የዓመታት የመስክ ሙከራ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው።

ይህን ታሪክ ተመራጭ የሚያደርገው ልብ የሚነካ መሆኑ አይደለም። በውስጡ ችግሩ አለ፤ ተሸላሚው ራሳቸው ያደረጉት ነገር አለ፤ ውጤቱም አለ። ከሁሉም በላይ ስሙን አውጥቶ የሌላ ተመራማሪ ስም ቢተኩበት ታሪኩ ይፈርሳል። «ሌት ተቀን ሳይታክቱ የሠሩ» የሚለው ሐረግ ግን የማንም ስም ቢገባበት ይቆማል። አስተዋዋቂ ረቂቁን መፈተን ከፈለገ ይህን ማድረግ ይችላል፦ የተሸላሚውን ስም ደምስሶ የጎረቤቱን ስም ይጻፍበት። ጽሑፉ አሁንም እውነት ከመሰለ ታሪኩ ገና አልተገኘም።

ሌላው ወጥመድ የችግር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በልጅነታቸው ለትምህርት ሲሉ እሁድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ሄደው አርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ይህ ሲነገር አዳራሹ ዝም ይላል፤ ዓይኑም እንባ ያቀርራል። ሽልማቱ የተሰጠው ግን ለዚያ መንገድ አይደለም። የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚያደርቀው አቀንጭራ የሚበቅለው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ንጥረ ነገር ሲቀሰቅሰው ነው፤ ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ያንን ቀስቃሽ እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያወጡ የማሽላ ዝርያዎችን አዳቀሉ። የእግር መንገዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢገባ ጥሩ ነው፤ ዋናውን ቦታ ከያዘ ግን ሥራውን ይጋርደዋል።

ወደ ዓድዋ እንመለስና፣ አንድ አስተዋዋቂ ታሪኩን እንዲህ ሊያቀርበው ይችል ነበር፦

«በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ ያጥባሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚሸከሙት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ። ብዙ ሰው በዚያ አልፏል። አንድ ወጣት ተመራማሪ ግን ቆም ብሎ ‹እነዚህን ምን ገደላቸው?› ብሎ ጠየቀ። ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ሰብስቦ የእንዶዱን አረፋ ሞከረባቸው፤ መልሱን እዚያው አገኘ። እናቶች ለልብስ ማጠቢያ ያቆዩልን ተክል በሽታን ለመከላከልም ሊውል እንደሚችል ለዓለም ያሳዩት፣ የዛሬው ተሸላሚያችን ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው!»

ጽሑፉ ሲነበብ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስሙ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጭብጨባው በስሙ ላይ እንዲያርፍና ተሸላሚው ታሪኩ እስኪያልቅ መድረክ ላይ ቆመው እንዳይጠብቁ። ሁለት ነገሮች ደግሞ ሆን ተብሎ ተጠብቀዋል። እንዶድን ያወቁት ሴቶቹ ስለሆኑ ዕውቀታቸው ለእነሱ ተትቷል፤ ለተሸላሚው የተሰጠው የእሳቸው ድርሻ ብቻ ነው። «ቢልሃርዝያን አጠፉ» የሚልም የለም፤ በሽታው አልጠፋምና። አጋኖ መናገር የሚጎዳው መጀመሪያ ተሸላሚውን ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ጉዳዩን የሚያውቅ አንድ ሰው ከተቀመጠ የቀረውም እውነት ይጠረጠራል።

ይህ ለታዋቂ ሳይንቲስት ብቻ የሚሠራ አይደለም። የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ የሆነች ተሸላሚ አለች እንበል። የሰው ሀብት ክፍል የሚሰጠው ፋይል «ታታሪ፣ ቅን፣ ሥራ ወዳድ» ይላል። አስተዋዋቂው ፋይሉን ዘግቶ ከእሷ መድኃኒት የሚረከቡትን ነርሶች መጠየቅ አለበት። ጥያቄውም «እንዴት ያለች ሠራተኛ ናት?» ከሆነ የሚገኘው መልስ ያው ቅጽል ነው። «እሷ ባትኖር ኖሮ የማይሆን ነበር የምትሉት ነገር አለ? መቼ? ምን አደረገች?» ሲባሉ ግን አንዷ ነርስ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ የኢንሱሊን ክምችት ለይታ፣ እጥረት ወዳለበት ጤና ጣቢያ በጊዜ እንዳስላከችው ልታስታውስ ትችላለች። አስተዋዋቂው ያንን ቀን ይይዛል፤ ስንት ብልቃጥ ነበር፣ የት ተላከ፣ ማን ፈቀደ እያለ ከመዝገቡ ያመሳክራል።

ከዚያ ታሪኩን ለተሸላሚዋ ለራሷ ያነብላታል። ሽልማቱ ድንገተኛ እንዲሆን ከተፈለገ ደግሞ አብሯት የነበረ ባልደረባ ይስማው። የታካሚ ስም ወይም ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ካለ ይወጣል፤ ያኔ የተቆጣ አለቃ ካለበትም እንዲነገር ትፈልግ እንደሆነ ትጠየቃለች። «ይኼ ይቅር» ካለች ይቀራል። በመጨረሻ ረቂቁ ሰዓት ተይዞ ድምፅ እየተሰማ ይነበባል፣ የአባቷ ስም አጠራርም ከእሷ ከራሷ ይጠየቃል።